የጤፍ ፍሬ ለምን አነሰ? አገዳውስ ለምን ይጋሸባል? ከአራት መደቦች የተጻፈ የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ ማብቂያ

ዘንድሮ ምንጃር ውስጥ ባለው የቤተሰባችን ማሳ ጠርዝ ላይ አራት ትንንሽ መደቦች አዘጋጅቻለሁ። አፈሩ መረሬ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው። እያንዳንዱ መደብ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ነው። በእነሱ ላይ አንድ ነገር ማየት እፈልጋለሁ። ስለ ጤፍ ሁለት ነገሮች ሁልጊዜ ይነሳሉ። አንዱ ፍሬው ደቃቅ መሆኑ ነው። ሌላው ዝናብና ንፋስ ሲመጣ መተኛቱ፣ ማለትም መጋሸቡ ነው። ሰው ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያወራቸው። እኔ ግን አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚያመጣ ይመስለኛል። እስከ ኅዳር የማየውን እዚህ እጽፋለሁ።

ሥራው የሚጀምረው ከሚዛን ነው። የወርቅ ሠሪ ዓይነት ትንሽ ሚዛን አለኝ፤ እስከ 0.01 ግራም ያነባል። መቶ ፍሬ ቆጥሮ መመዘን አይረዳም። መቶ የጤፍ ፍሬ 0.03 ግራም አካባቢ ስለሆነ ሚዛኑ በደንብ አይለየውም። ስለዚህ ነጭ ወረቀት ላይ፣ በረጠበ መርፌ ጫፍ አንድ በአንድ እያነሳሁ ሺህ ቆጠርኩ። ዘሩ ቁንጮ ነው። ቁንጮ በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጣ ዝርያ ሲሆን የተገኘው ዱከምና ማኛ ከሚባሉት ሁለት ዝርያዎች ድቀላ ነው። ሺው ፍሬ 0.30 ግራም መዘነ። ይህ ለጤፍ የተለመደ ክብደት ነው።

እዚህ ላይ ሒሳቡ ሲሠራ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ሺህ ፍሬ 0.30 ግራም ከሆነ፣ አንድ ግራም ውስጥ ከ3,300 በላይ ፍሬ አለ። ሺህ የስንዴ ፍሬ ግን 40 ግራም አካባቢ ይመዝናል። አንድ የስንዴ ፍሬ ከመቶ ሠላሳ በላይ የጤፍ ፍሬ ያክላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ማሳው እንውሰደው። በብዙ ቦታ ገበሬ ጤፍን በብተና ሲዘራ ለሄክታር 30 ኪሎ አካባቢ ይጠቀማል፤ ከዚያም በላይ የሚበትን አለ። 30 ኪሎ ማለት በካሬ ሜትር 3 ግራም ነው። በፍሬ ቁጥር 10,000 ይሆናል። አንድ ካሬ ሜትር ደግሞ 10,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ በትንሽ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ፣ አንድ ፍሬ ያርፋል። ለስንዴ 125 ኪሎ ብንበትን እንኳ በካሬ ሜትር የሚደርሰው 300 ፍሬ አካባቢ ብቻ ነው። በሚዛን የስንዴው አራት እጥፍ ይበልጣል። በፍሬ ቁጥር ግን ጤፉ ሠላሳ እጥፍ ይበልጣል።

የዘራው ሁሉ አይበቅልም፣ የበቀለውም ሁሉ አይደርስም። ቢሆንም ይህ መጨናነቅ በኋላ የሚከተለውን ሁሉ ይወስናል ብዬ እጠብቃለሁ።

ሐምሌ መጀመሪያ

መደቦቹን ከመዝራቴ በፊት ጣሳ ላይ አንድ ሙከራ አደረግሁ። ያንኑ መረሬ አፈር ፈጭቼና ነፍቼ ጣሳዎች ውስጥ ሞላሁ። በአንዱ ጤፉን ከላይ በትኜ በእጄ ብቻ ተጫንኩት። በሁለተኛው አንድ ሴንቲ ሜትር፣ በሦስተኛው ሦስት፣ በአራተኛው አምስት ሴንቲ ሜትር ቀበርኩት። ውኃው ለሁሉም እኩል ነው።

ከላይ የተዘራው በጥቂት ቀናት ውስጥ አረንጓዴ ሆነ። አንድ ሴንቲ ሜትር የተቀበረውም ትንሽ ዘግይቶ ደህና ወጣ። ከሦስት ሴንቲ ሜትር ጥቂት ቀጫጭን ቡቃያዎች ብቻ ናቸው የወጡት። ከአምስቱ አንድም አልወጣም። አፈሩን ገልጬ ሳይ ፍሬዎቹ በቅለዋል። ነጭ ክር የመሰለ ቡቃያ ወደ ላይ ተስቦ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ምክንያቱ ስንቅ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው ምግብ ከአንድ ሚሊ ግራም ሲሶ አይበልጥም። ቡቃያው ብርሃን እስኪያገኝ የሚኖረው በዚያ ብቻ ነው። የስንዴ ቡቃያ አምስት ሴንቲ ሜትር አፈር ገፍቶ ለመውጣት በቂ ስንቅ አለው። ጤፍ የለውም። ስለዚህ ጤፍ የግድ ከላይ ነው የሚዘራው። ይህ የገበሬው ልማድ ብቻ አይደለም፤ ፍሬው ራሱ ሌላ ምርጫ አይሰጥም።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጣሳዎቹን አይተው፣ «ልጄ፣ ጤፍ መሬቱን ይነካል እንጂ አይገባም» አሉኝ። «ታዲያ አባባ፣ ከብት የሚያስረግጡት ለምንድን ነው?» አልኳቸው። «ይገባል ብዬ አይደለም። መሬቱ ሲላላ ፍሬው ስንጥቅ ውስጥ ወርዶ ይጠፋል። ሲረገጥ ግን ከላይ ይይዘዋል። አረሙም አብሮ ይሞታል» አሉ። ይህ ማሳን በከብት ማስረገጥ የሚባለው ሥራ በጣሳው ላይ ካየሁት ጋር ልክ ነው። መረሬ ሲታረስ ጓል ይሆናል። በጓሉ መሃል የወደቀ ፍሬ ጥልቅ ገባ ማለት ነው። ሲረገጥ ግን ወለሉ ጠጠር ይላል፣ ፍሬውም ከእርጥብ አፈር ጋር ይጣበቃል።

ፍሬው ለምን እንዳነሰም ከዚህ ጋር የሚያያዝ ይመስለኛል። የጤፍ ዱር ዘመድ ተደርጎ የሚታወቀው ሣር ዛሬም በማሳችን ውስጥ እንደ አረም ይበቅላል። ፍሬው እንደ ጤፍ ደቃቅ ነው፤ ዋናው ልዩነት ሲደርስ መርገፉ ነው። የጥንት ገበሬዎች ከዚህ ሣር ዘር ውስጥ የማይረግፈውን መርጠው አስቀሩ። ይህ በየዓመቱ ሳይታሰብም ይሆናል፤ የረገፈው መሬት ላይ ይቀራል፣ ያልረገፈው ቤት ይገባል። ፍሬውን የሚያተልቅ ተመሳሳይ ግፊት ግን የነበረ አይመስለኝም። ስንዴና ገብስ አፈር ውስጥ ይቀበራሉ፤ ስለዚህ ተለቅ ያለ ስንቅ ያለው ቡቃያ ቀድሞ ወጥቶ ያሸንፋል። ጤፍ ከላይ ስለሚዘራ ትልቅ ፍሬ ያን ያህል ብልጫ አላገኘም። ደግሞም እንዲህ የደቀቀን ፍሬ ማን አንድ በአንድ ይመርጣል? ሰው የመረጠው በቀለሙና በዛላው ነው።

ትንሽነቱ ጥቅምም አለው። ነቀዝ ጎተራ ውስጥ ስንዴንና በቆሎን ሲጨርስ ጤፍን አይነካውም። ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው ፍሬው ውስጥ ነው፤ ትሉም እዚያው ያድጋል። በጤፍ ፍሬ ውስጥ ለትሉ የሚበቃ ቦታ የለም። ዘሩን ለዓመታት ማስቀመጥ የሚቻለው ለዚህ ነው።

ሐምሌ አጋማሽ

ዛሬ ተዘራ። አራቱ መደቦች እንዲህ ናቸው።

የመጀመሪያው ብተና ነው፤ በገበሬው መጠን 12 ግራም ዘር። የቀሩት ሦስቱ በመስመር ናቸው። በመስመሮቹ መካከል 20 ሴንቲ ሜትር አለ፤ ለእያንዳንዱ መደብ 2 ግራም ዘር ገባ። ይህ ለሄክታር 5 ኪሎ ማለት ነው። በሦስተኛው ላይ ዩሪያውን እጥፍ አደርጋለሁ። በአራተኛው ላይ ደግሞ ተክሉ ቁመት መያዝ ሲጀምር ከመስመሮቹ መሃል አፈር እየሳብኩ የአገዳውን ሥር አቅፈዋለሁ።

2 ግራም ዘር አራት ካሬ ሜትር ላይ ማዳረስ ከባድ ነው። በአንድ ሜትር መስመር ላይ የሚደርሰው 0.1 ግራም፣ በፍሬ ሲቆጠር 330 አካባቢ ነው። ጣት ይህን መጠን አይሰማውም። ከደረቀና ከተነፋ አሸዋ ጋር ቀላቅዬ አሸዋውን ነው የዘራሁት። አንድ እጅ ጤፍ፣ ብዙ እጅ አሸዋ። እንዲህ ሲሆን እጅ የለመደውን ያህል ይይዛል። አፈሩን ከላይ በጣም ሳስቼ በቅጠል መጥረግ ብቻ ነው ያደረግሁት።

የመስመር ዘር ማሳ ሙሉ ሲሆን ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። በአራት ካሬ ሜትር ላይ የሚቻለው በሁለት ሄክታር ላይ ሁሌ አይቻልም። ዝናቡ ለመዝሪያ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው።

ነሐሴ

የመደቦቹ ልዩነት ከርቀት ይታያል። የብተናው መደብ ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ መሬቱ አይታይም። መስመሮቹ ገና ሰልፋቸው ይለያል። አላፊው ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ብተናውን ነው።

ጎንበስ ብሎ ያየ ግን ሌላ ነገር ያያል። በብተናው ውስጥ እያንዳንዱ ተክል ጎረቤቱን ለማለፍ ወደ ላይ ይሳባል። ከታች ያሉት ቅጠሎች ጥላ ውስጥ ስለሆኑ ቢጫ ጀምሯቸዋል። ከየመደቡ ጥቂት ተክሎች ነቅዬ ከመሬት በላይ ያለውን ሁለተኛ አንጓ ውፍረት በካሊፐር ለካሁ። የብተናው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። የመስመሩ ሁለት ተኩል ይጠጋል። ርቀቱም ይለያል፤ የብተናው የታችኛው አገዳ ከአንጓ እስከ አንጓ ይረዝማል። ጥላ ያለበት ተክል ውፍረቱን ትቶ ቁመቱን ይጨምራል።

የውፍረት ልዩነት ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ክብ አገዳ መታጠፍን የሚቋቋምበት ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ በጣም ይፈጥናል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን፣ የአገዳው ሥሪት ተመሳሳይ ከሆነ፣ ላለመጉበጥ ያለው ግትርነት አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንዲት ሚሊ ሜትር ብዙ ናት።

ሥሩንም አጥቤ አየሁ። ከፍሬው መጀመሪያ የሚወጣው ሥር ክር ነው፤ ተክሉን አይሸከምም። ተክሉን የሚያቆሙት በኋላ ከአገዳው ግርጌ አንጓዎች ዙሪያ የሚወጡት ሥሮች ናቸው። ፍሬው ከላይ ስለተዘራ ያ ግርጌም ያለው ከላይ ነው። የጤፍ መልሕቅ የሚጀምረው ከአፈሩ ወለል ነው። ከላይ ያለው የመረሬ አፈር ደግሞ ሲረጥብ እንደ ጭቃ ይላላል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በሁለቱም ጊዜ አይይዝም።

አራተኛውን መደብ ዛሬ አፈር አቀፍኩት። ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የከመርኩበት። ሁለተኛው የዩሪያ ክፍያም ገባ፤ ለሦስተኛው መደብ እጥፍ።

ጳጉሜን

ዛላ ወጣ። ቁንጮ ዛላው ረጅምና ልቅ ነው፤ ገና ሲወጣ ቀጥ ይላል፣ ፍሬ ሲይዝ መዘንበል ይጀምራል።

አንድ ዛላ ቆርጬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ከመሃሉ ክር ቅርንጫፎች ይወጣሉ፣ ከቅርንጫፎቹ ሌሎች ቅርንጫፎች። በየጫፉ ትንሽ የአበባ ክምችት አለች። የክምችቶቹ ቁጥር በመቶዎች ነው። እያንዳንዷ ክምችት ደግሞ ብዙ አበቦች አሏት፤ ከታች ወደ ላይ በተራ ይደርሳሉ። የታችኛዎቹ ፍሬ ሲሞሉ የላይኞቹ ገና አበባ ናቸው።

ፍሬው ለምን እንዳነሰ በግልጽ የሚታየው እዚህ ነው። አንድ ደህና የጤፍ ዛላ አንድ ግራም ፍሬ ቢሰጥ፣ በውስጡ 3,300 ፍሬ አለ። አንድ የስንዴ ራስ 40 ፍሬ ቢይዝ፣ እያንዳንዱም 40 ሚሊ ግራም ቢሆን፣ 1.6 ግራም ነው። ሁለቱ ዛላዎች የሚሸከሙት ክብደት ያን ያህል አይራራቅም። ልዩነቱ አከፋፈሉ ላይ ነው። ስንዴ ለአርባ ያካፍላል፣ ጤፍ ለሦስት ሺህ። ጤፍ ያነሰው ምግብ ስለማያመርት አይደለም፤ ያመረተውን ለእጅግ ብዙ ልጆች ስለሚያወርስ ነው።

ስለዚህ ፍሬው ይተልቅ ብንል፣ ከተክሉ የሚጠበቀው የአበቦቹን ቁጥር መቀነስ ነው። ይህ ደግሞ የጤፍን ዛላ አሠራር መለወጥ ይሆናል።

የጤፍ አበባ በማለዳ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ግድም፣ ለአጭር ጊዜ ተከፍታ ትዘጋለች። ጤፍ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። አበባዋ የምትከፈትበትን ሰዓት ለይተው ጤፍን በእጅ ማዳቀል እንዲቻል መንገዱን የከፈቱት ዶክተር ታረቀ በርሄ ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ማሻሻል ማለት ከገበሬው ዘር ውስጥ መምረጥ ብቻ ነበር። ስንዴ በዚያን ጊዜ አጫጭር ዝርያዎቹን አግኝቶ ዓለምን አዳርሶ ነበር። ጤፍ የዘገየው በዚህ ነው። እኔ ይህን ሳስብ የሚያስቆጨኝ ነገር አለ፤ ሚሊዮኖች የሚበሉት እህል ሥራው የተጀመረው እጅግ ዘግይቶ ነው።

መስከረም አጋማሽ

ፍሬ መሙላት ጀምሯል። ዝናቡ አልቆመም። አንድ ጠዋት ከዝናብ በኋላ ሄጄ የብተናው መደብ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። ጀርባው ላይ የተኛው ውኃ ይታያል።

ውኃው ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ ከዳር አንድ ዛላ ቆርጬ መዘንኩ፤ 2 ግራም። ከዚያ በሚረጭ ጠርሙስ ደህና አድርጌ አረጠብኩትና የሚንጠባጠበውን አራገፍኩ። እንደገና ስመዝነው 3 ግራም ሆነ። ዛላው ቅርንጫፉ ብዙ፣ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ጠብታ የሚይዝበት ቦታ ብዙ ነው።

ነገር ግን አንድ ግራም ብቻውን አይጥልም። የሚጥለው ከመዘንበሉ ጋር ሲደመር ነው። ዛላው ደርቆ ሳለ ከግርጌው 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ይዘነብል ነበር እንበል። ግርጌው ላይ የሚያርፈው የመጣያ ኃይል ክብደቱ በርቀቱ ሲባዛ ነው፤ 2 በ10፣ 20 ይሆናል። ሲረጥብ አገዳው ይበልጥ ይጎብጣል፤ ርቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። 3 በ25፣ 75 ነው። ክብደቱ በግማሽ ሲጨምር ግርጌው ላይ ያለው ጫና አራት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ከዘነበለ በኋላ ደግሞ መዘንበሉ ራሱ ሌላ መዘንበል ይወልዳል። በዚያው ሰዓት አፈሩም ረጥቦ ላልቷል። ዝናብ ከላይ ጭነቱን ይጨምራል፣ ከታች መልሕቁን ያላላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚያደርግ ሌላ ነገር የለም። ጤፍ ያለ ንፋስም የሚተኛው ለዚህ ነው።

መስከረም ማብቂያ

ሌሊቱን ንፋስ ያለበት ዝናብ ጣለ። ጠዋት ሦስተኛው መደብ፣ እጥፍ ዩሪያ ያገኘው፣ መሬት ላይ ነው። ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነበር። ጥቁር አረንጓዴ፣ ረጅም፣ ዛላው ወፍራም። ማዳበሪያ ጤፍን ሲያጠግበው ቁመቱንና ዛላውን ያከብደዋል፤ ግርጌውን ግን በዚያው ልክ አያጠነክረውም። ገበሬው በጤፍ ላይ ዩሪያ የሚሰስተው አለማወቅ ተደርጎ ሲወራ እሰማለሁ። አይደለም። የሚሰስተው የተኛ ጤፍ ስላየ ነው።

የተጋሸበ ጤፍ የት ላይ እንደተሸነፈ መለየት ይቻላል። አገዳውን ከግርጌው ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አቅኑት። አገዳው ከመሬት በላይ ባለው ክፍሉ ታጥፎ ወይም ጎብጦ ግርጌው ቀጥ ብሎ ከተገኘ፣ የተሸነፈው አገዳው ነው። ግርጌው ራሱ ከሥሩ ጋር ተነቃንቆ፣ በአንድ በኩል አፈሩ ተሰንጥቆ ከታየ፣ የተሸነፈው ሥሩ ነው። በብተናው መደብ ሁለቱም አሉ። በሦስተኛው ግን ያየሁት በአብዛኛው ሥር ነው። አገዳው አልተሰበረም። ተክሉ ከነግርጌው ጋደም ብሏል።

አራተኛው መደብ፣ አፈር የታቀፈው፣ ዘንበል ብሏል እንጂ አልተኛም። ከከመርኩት አፈር ውስጥ አንዱን ገልጬ ሳይ፣ ከላይኛው አንጓ አዲስ ሥሮች ወጥተው አፈሩን ይዘዋል። የፈለግሁት ይህ ነበር። ፍሬው ጥልቅ መግባት ባይችልም፣ ተክሉ ካደገ በኋላ ግርጌው ጥልቅ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል።

የመጋሸቡን መጠን በዓይን ግምት ብቻ መጻፍ አልፈለግሁም። የጤፍ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበትን ቀላል መለኪያ ወሰድኩ። ቀጥ ብሎ የቆመ 0፣ ሙሉ ለሙሉ መሬት የነካ 5 ይሰጠዋል፤ በመካከል ያለው እንደ አዘነባበሉ። የመደቡ ስንት መቶኛ የትኛው ላይ እንዳለ ታያላችሁ፣ ታባዛላችሁ፣ ትደምራላችሁ፣ ለ5 ታካፍላላችሁ። የብተናው 60 በመቶው 4 ላይ፣ 30 በመቶው 2 ላይ፣ 10 በመቶው 0 ላይ ነው። 240 ሲደመር 60፣ 300 ነው። ለ5 ሲካፈል 60። መቶ ማለት ሁሉም መሬት ነክቷል ማለት ነው። ሦስተኛው 80ን አልፏል። ሁለተኛው ተራ መስመር 40 አካባቢ ነው። አራተኛው 25 አይሞላም።

ጥቅምት

የተኛው ጤፍ ለመነሳት ይሞክራል። የሣር አገዳ አንጓው ላይ ወደ ላይ የመታጠፍ ችሎታ አለው። አንጓው በታችኛው ጎኑ በኩል ያድግና አገዳውን ቀና ያደርገዋል። የተኙትን አገዳዎች ሳነሳ ሁሉም ክርናቸውን አጥፈዋል። ዛላው ከመሬት በመጠኑ ተነስቷል። ነገር ግን ፍሬ የያዘ ዛላ ከባድ ነው፣ አንጓውም እያረጀ ነው። ከዛላ መውጣት በፊት የተኛ ጤፍ ደህና ይነሳል። አሁን የተኛው ግን በግማሽ መንገድ ቀርቷል።

ጉዳቱ የሚመጣው በመተኛቱ ብቻ ሳይሆን በሚተኛበት ጊዜ ነው። ቅጠል በቅጠል ላይ ሲከመር ፀሐይ የሚያገኘው የላይኛው ብቻ ነው። ፍሬው የሚሞላው በእነዚህ ሳምንታት ነው። ቀድሞ ያበበው የታችኛው አበባ ድርሻውን ወስዷል፤ ከላይ ያለው ዘግይቶ ያበበው ባዶ ይቀራል ወይም ይቀጥናል። መሬት የነካው ዛላ ደግሞ ይሻግታል። ከእርጥበት ጋር ሲሆን እዚያው ይበቅላል።

ታዲያ ለምን አጭር ጤፍ አይወጣም? ይህን ከወንድሜ ጋር ብዙ ተነጋገርን። ስንዴ ሲያጥር ምርቱ ጨምሯል። በጤፍ ላይ ነገሩ ቀላል አይደለም። በጤፍ ዝርያዎች ውስጥ ረጅሙ ተክል በአብዛኛው ረጅም ዛላ ያለው ነው፤ ብዙ ፍሬም የሚሰጠው እሱ ነው። ዝርያ የሚያሻሽለው ሰው ምርት እየመረጠ ሲሄድ ሳያስበው ቁመትን ይመርጣል። ጭዱም አለ። የጤፍ ጭድ ከብቱ የሚወደው መኖ ነው፣ ለቤት ግድግዳ ጭቃ ማቡኪያም ከሱ የተሻለ የለም። ለገበሬ አጭር ጤፍ ማለት ግማሽ ሀብቱን ማጣት ነው።

ቢሆንም መንገድ እየተገኘ ነው። ዘሩን በኬሚካል ካስደነገጡ በኋላ ከተገኙት ተክሎች ውስጥ «ቀኝ» የተባለ አጠር ያለና መጋሸብን የሚቋቋም ዘር ወጥቷል። ሕዋሱ ውስጥ ቅርጽ የሚሰጠውን አጽም ከሚሠሩት ነገሮች በአንዱ ላይ ለውጥ ስላለ ሕዋሶቹ እንደ ድሮው አይረዝሙም፤ ተክሉም ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ተክል የሚያረዝመውን ሆርሞን በሚከለክሉ መድኃኒቶች ጤፍን ማሳጠር እንደሚቻልም ታይቷል። ለእኔ የሚታየኝ ግን ቁመት ብቻውን መልስ እንደማይሆን ነው። በሦስተኛው መደብ የተሸነፈው አገዳው አልነበረም፣ ሥሩ ነው። ተክሉ ቢያጥር ጭነቱ ይቀንሳል፤ መልሕቁ ግን ከላይ ላዩ እንደሆነ ይቀራል።

ኅዳር መጀመሪያ

ታጨደ። የተኛውን በማጭድ ማጨድ እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። የቆመውን እጅ ሰብስቦ ይይዘዋል። የተኛው ወዲህና ወዲያ ተጠላልፏል፣ አፈርም አብሮ ይመጣል። ይህ ደቃቅ ፍሬ ላይ ከባድ ችግር ነው። ስንዴ ውስጥ የገባ ጠጠር በወንፊት ይለያል። ጤፍን የሚያክል አሸዋ ግን በወንፊት አይለይም፤ እንጀራው ላይ ጥርስ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ሦስተኛውን መደብ ለብቻው ሸራ ላይ ወቃሁት።

ሚዛኑ እንዲህ ነው። ብተናው 640 ግራም ሰጠ። ተራው መስመር 810። እጥፍ ዩሪያ ያገኘው 700። አፈር የታቀፈው 850። አንድ ዓመት፣ አንድ አንድ መደብ ነው፤ ከዚህ ላይ ለሄክታር ማባዛት አይገባም። ቅደም ተከተሉ ግን ከመጋሸቡ ቁጥር ጋር አንድ ቦታ ላይ ይለያያል። ሦስተኛው ከብተናው የባሰ ተኝቶ ከብተናው የተሻለ አምርቷል። ዩሪያው ፍሬ ጨምሯል፣ መተኛቱ ከጨመረው ላይ ወስዷል።

የመጨረሻው ሥራ እንደገና መርፌና ወረቀት ነበር። ከአራተኛው መደብ፣ ቆሞ ከደረሰው፣ ሺህ ቆጠርኩ፤ 0.31 ግራም። ከሦስተኛው፣ መሬት ላይ ከነበረው፣ ሺህ ቆጠርኩ፤ 0.26። ከተኛው ውስጥ ብዙው ፍሬ ቀጭንና ጎኑ የገባ ነው።

ለዘር የማስቀምጠው የአራተኛውን ነው። ከቀጭኑ ፍሬ የሚወጣ ቡቃያ ስንቁ ከዚህም ያነሰ ነው፤ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ከወደቀ ለመውጣት ይቸገራል። ለመጪው ሐምሌ ሁለት መደብ እጨምራለሁ። በአንዱ ብተናውን ሳልተው ዘሩን ከ12 ግራም ወደ 6 አወርዳለሁ። ገበሬው ያለ ተጨማሪ ጉልበት ሊያደርገው የሚችለው ይህ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ማወቅ የምፈልገው እሱን ነው። በሌላው አፈር የማቀፉን ሥራ ከአረም ጋር በአንድ ጊዜ እሠራዋለሁ።